ኦ ፔር ማለት የቤት ሠራተኛ ማለት አይደለም

ልጃቸውን ወይም እኅታቸውን ወደ ባሕር ማዶ ለመላክ የሚያስቡ ሰዎች አሁን አሁን አንድ አዲስ ቃል ይዘው ይመጣሉ። ቃሉ «ኦ ፔር» የሚለው ነው። አንዳንዱ ደላላ የቤት ሠራተኛነት ነው ይላል፤ ሌላው ደግሞ ትምህርት ነው ይላል፤ ሦስተኛው አውሮፓ የሚያስገባ አቋራጭ መንገድ ነው ብሎ ገንዘብ ይጠይቃል። ሦስቱም አልተሳሳቱም ለማለት አይቻልም። ነገር ከሥሩ፥ ውሃ ከጥሩ ነውና ዛሬ በዚህ ዓምድ ነገሩን ከሥሩ እንመልከተው።

ኦ ፔር የፈረንሳይኛ ቃል ነው፤ ትርጓሜውም «በእኩልነት» ማለት ነው። ከአንድ ቤተ ሰብ ጋራ እንደ ቤተ ሰቡ አባል ሆኖ መኖር፥ ከአንድ ገበታ መብላት፥ ልጆቹን በመጠበቅና ቀላል የቤት ሥራ በማገዝ መርዳት፥ በዚህም ምክንያት የአገሩን ቋንቋና ባሕል መማር ማለት ነው። የአውሮፓ መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ1969 በስትራስቡርግ ስለዚሁ ጉዳይ ባደረጉት ስምምነት ኦ ፔር የተባለው ሰው ተማሪም አይደለም፥ ሠራተኛም አይደለም፤ ከሁለቱም ጥቂት ጥቂት ያለው ልዩ ክፍል ነው ብለው ጽፈዋል። ጀርመን ይህን ስምምነት ባታጸድቀውም የራሷን ደንብ አውጥታ የምትሠራው በዚሁ አሳብ ነው።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፤ የነገሩ ቍልፍ ያለው እዚህ ላይ ነው። ወደ ዓረብ አገር በቤት ሠራተኛነት የሚሄድ ሰው ደመወዝ ተቀጣሪ ነው። ኦ ፔር ግን ደመወዝ የለውም፤ የሚሰጠው የኪስ ገንዘብ ነው። ስለዚህ ገንዘብ ለማጠራቀምና ለቤተ ሰብ ለመላክ ብሎ ኦ ፔር የሚሆን ሰው ከመነሻው ተሳስቷል። በአንጻሩ ደግሞ ኦ ፔርን እንደ ቤት ሠራተኛ ከማለዳ እስከ እኩለ ሌሊት የሚያሠራ ቤተ ሰብ ደንቡን ጥሷል። ከዚህ በታች የምንነግርዎ ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ልዩነት ነው።

ከአገሮቹ ሁሉ ጀርመንን የመረጥነው ለኢትዮጵያ ወጣት መንገዱ የተከፈተና ደንቡም በግልጽ የተጻፈ ስለሆነ ነው። ይህ መንገድ ለሴት ብቻ አይደለም፤ ወንድ ልጅም ኦ ፔር ሊሆን ይችላል። ነገር ግን የሚጠይቀው ብዙውን ጊዜ ሴት ልጅ ስለሆነች ከዚህ በኋላ «ልጅቱ» እያልን እንናገራለን።

በመጀመሪያ ማን ሊሄድ እንደሚችል እንይ። ልጅቱ ቢያንስ 18 ዓመት የሞላት መሆን አለባት። ቪዛ በምታመለክትበትም ጊዜ 27 ዓመት ያልሞላት መሆን ይገባል። የጀርመንኛ ቋንቋ መሠረት ሊኖራት ያስፈልጋል፤ ይኸውም «ኤ 1» በሚባለው ደረጃ ተፈትና የምስክር ወረቀት ማቅረብ ነው። በዚህ ደረጃ ያለ ሰው ራሱን ማስተዋወቅ፥ ዋጋ መጠየቅ፥ ሰዓትና ቀን መናገር፥ ቀስ ብለው ሲናገሩት መረዳት ይችላል። በአዲስ አበባ ያለው የጎተ ኢንስቲቱት ይህን ትምህርት ያስተምራል፥ ይፈትናልም። ወረቀቱን ይዞ ቋንቋውን ያልያዘ ሰው ግን በኤምባሲው መስኮት ፊት ይጋለጣል፤ የቆንስላው ሰው በጀርመንኛ «ቤተ ሰቡ ስንት ልጆች አሉት? የሚኖሩትስ የት ነው?» ብሎ ሲጠይቅ መልስ መስጠት ግድ ነውና።

ሁለተኛው ጥያቄ ማን ሊጋብዛት ይችላል የሚለው ነው፤ እዚህ ላይ ብዙ ኢትዮጵያውያን ይሰናከላሉ። ተቀባዩ ቤተ ሰብ ጀርመንኛን የአፍ መፍቻ ቋንቋው ያደረገ መሆን አለበት። ጀርመንኛ የአፍ መፍቻቸው ሳይሆን በቤት ውስጥ የሚነጋገሩበት ቋንቋ ብቻ ከሆነ ግን ኦ ፔሯ ወላጆቹ ከመጡበት አገር የመጣች መሆን የለባትም። ዘመድ መሆንም አይፈቀድም። እንግዲህ ፍራንክፈርት የምትኖር አክስት የእኅቷን ልጅ በኦ ፔርነት ልታስመጣ አትችልም። ከአዲስ አበባ ሄደው በሙኒክ የሚኖሩ ባልና ሚስትም ምንም እንኳ ከልጆቻቸው ጋራ ጀርመንኛ ቢነጋገሩ፥ ዘመድም ባይሆኑ፥ ኢትዮጵያዊት ልጅ በዚህ መንገድ ሊጋብዙ አይችሉም። ይህን የማያውቅ ሰው ለወረቀትና ለፈተና ብዙ ካወጣ በኋላ ማመልከቻው ይመለስበታል። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ልጅቱ የምትሄደው ጀርመንኛ ለመማር ስለሆነ በአማርኛ በሚነጋገር ቤት ውስጥ ልትማረው አትችልም ተብሎ ነው።

አሁን ወደ ውሉ እንምጣ። ሥራው በቀን ከ6 ሰዓት፥ በሳምንት ከ30 ሰዓት መብለጥ የለበትም። በሳምንት አንድ ቀን ተኩል ዕረፍት አለ። በወር ውስጥ ከእሑዶች ቢያንስ አንዱ ሙሉ ዕረፍት መሆን አለበት። በሳምንት ቢያንስ 4 ምሽቶች ነጻ መሆን አለባቸው። ለሠራችበት ለእያንዳንዱ ሙሉ ወር ሁለት የፈቃድ ቀን ታገኛለች፤ በዓመት አራት ሳምንት ያህል መሆኑ ነው፤ በዚያም ጊዜ የኪስ ገንዘቧ አይቋረጥም። መኝታዋ የራሷ ክፍል ነው፤ ቢያንስ 8 ካሬ ሜትር ስፋት፥ መስኮትና ማሞቂያ ያለው። ከልጆቹ ጋራ አብራ እንድትተኛ ወይም ሳሎን ውስጥ እንድታድር ማድረግ አይፈቀድም። የሥራው ዓይነት ልጆችን ማልበስና መመገብ፥ ወደ ትምህርት ቤት ማድረስና ማምጣት፥ አብሮ መጫወት፥ ቀላል ምግብ ማሰናዳት፥ ቤት ማስተካከል፥ ልብስ ማጠብና መተኰስ ነው። በሽተኛ ማስታመምና ያረጁ አያትን መጦር ከዚህ ውጭ ነው።

እነዚህ ቍጥሮች በወረቀት ላይ ቀላል ይመስላሉ፤ ነገር ግን ሲደመሩ ሰው ያታልላሉ። ስለዚህ አንድ ምሳሌ አንሥተን እንደምረው።

እንበልና አንዲት የ23 ዓመት የደሴ ልጅ በሐኖቨር ከተማ ከሚኖር ቤተ ሰብ ደብዳቤ ደረሳት። ቤተ ሰቡ የ3 እና የ6 ዓመት ልጆች አሉት። ደብዳቤው በትሕትና የተጻፈ ነው፤ የልጆቹም ፎቶግራፍ አለበት። ስለ ሥራው እንዲህ ይላል። ከሰኞ እስከ ዓርብ ጧት ልጆቹን ቀስቅሶ ቁርስ ማብላትና ማድረስ፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ አምጥቶ እስከ ማታ መጠበቅ፤ ቅዳሜ ጧት ቤት በማጽዳት ጥቂት ማገዝ፤ ቅዳሜ ማታ ወላጆቹ ሲወጡ ልጆቹ ተኝተው ሳለ ቤት መጠበቅ። ልጅቱ ይህን አንብባ ደስ አላት፤ እያንዳንዱ ነገር ጥቂት ነውና።

ነገር ግን ከደብዳቤው ጋራ የተያያዘውን የሰዓት ዝርዝር እኛ በምንቆጥረው ሰዓት ብንመልሰው እንዲህ ይሆናል። በጀርመን ወረቀት 7 ሰዓት ተብሎ የሚጻፈው የእኛ የጧቱ 1 ሰዓት ነውና መጀመሪያ ይህን ማስተካከል ይገባል። ጧት ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ተኩል፥ ሁለት ሰዓት ነው። ከቀኑ 7 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት፥ አምስት ሰዓት ነው። በቀን 7 ሰዓት ሆነ ማለት ነው፤ የተፈቀደው ግን 6 ነበር። ይህን በአምስት ቀን ብናበዛው 35 ሰዓት ይሆናል፤ ቅዳሜ ገና ሳይገባ ከ30 አልፏል። የቅዳሜው ጽዳት 2 ሰዓት፥ ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ቤት መጠበቁ 4 ሰዓት። ድምሩ 41 ሰዓት ነው። ልጆቹ ተኝተው ሳለ መጠበቅ ሥራ አይደለም የሚል ሰው ቢኖር ስሕተት ነው፤ ልጅቱ ከቤት መውጣት የማትችልበት ሰዓት ሁሉ ከ30ው ውስጥ ይቆጠራል። አንድ ቀን ተኩል የተባለውም ዕረፍት የለም፤ እሑድ ብቻ ነው የቀረላት።

ታዲያ ይህ ቤተ ሰብ ክፉ ነው ማለት ነውን? እንዲህ ብለን አንፈርድም። ብዙ ወላጅ የራሱን ችግር ብቻ አስቦ ይጽፋል እንጂ አይደምርም። ስለዚህ ልጅቱ ደብዳቤውን አትጣለው፤ መልስ ትጻፍ። መልሷም እንዲህ ሊሆን ይችላል። «ጧት ከ1 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት አንድ ሰዓት፥ ከቀኑ 8 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት አራት ሰዓት ብሠራ በቀን 5፥ በአምስት ቀን 25 ሰዓት ይሆናል። ቅዳሜ ማታ 4 ሰዓት ብጠብቅ 29 ሰዓት ይሞላል። የቅዳሜው ጽዳት ይቅር፤ ቅዳሜን እስከ ምሽት እና እሑድን ሙሉ ለዕረፍቴና ለጥናቴ እወስዳለሁ።» በዚህ አኳኋን ከደንቡ ሳይወጡ ሁለቱም ይስማማሉ፤ የቋንቋ ትምህርቷንም ጧት ልጆቹ ከሄዱ በኋላ ልትከታተል ትችላለች። የዚህ መልስ ሁለተኛ ጥቅም ቤተ ሰቡን መፈተኛ መሆኑ ነው። አስተካክለው ከመለሱ መልካም ሰዎች ናቸው። «እዚህ ስትመጪ እንነጋገራለን» ብለው ቢያልፉት ግን እዚያ ስትደርስ እንደማይነጋገሩ ትወቅ።

ከሰዓቱ ቀጥሎ ገንዘቡ ይመጣል። የኪስ ገንዘቡ በወር 280 ዩሮ ነው። ከዚህም በላይ ቤተ ሰቡ ለጀርመንኛ ትምህርቷ በወር 70 ዩሮ ይጨምርላታል። ምግብና መኝታ በቤተ ሰቡ ነው፤ ከኪስ ገንዘቧ ሊቀነስባት አይገባም። ለሕመም፥ ለእርግዝናና ለወሊድ፥ ለአደጋ፥ እንዲሁም በሌላ ሰው ንብረት ላይ ለምታደርሰው ጉዳት የሚሆነውን ኢንሹራንስ የሚከፍለው ቤተ ሰቡ ነው። የአውሮፕላኑን ዋጋ ግን አብዛኛውን ጊዜ የምትችለው ራሷ ናት። ቤተ ሰቡ ግማሹን እከፍላለሁ ካለ በውሉ ላይ ይጻፍ። ወደ ትምህርት ቤት የምትመላለስበትን የባቡርና የአውቶቡስ ዋጋ ማን እንደሚከፍልም እንዲሁ ይጻፍ። እነዚህ ቍጥሮች ሊሻሻሉ ስለሚችሉ ልጅቱ ቀጠሮ ስትይዝ ኤምባሲው በሚያወጣው ጽሑፍ ታረጋግጥ።

አሁን ሒሳቡን እናስላ። 280 ዩሮ በ12 ወር 3,360 ዩሮ ነው። ከዚህ ላይ ስልክ አለ፤ የክረምት ጫማና ካፖርት አለ፤ የቋንቋው ትምህርት ከ70 ዩሮ ቢበልጥ ትርፉ ከኪሷ ነው። በጣም ቆጣቢ ሆና በወር 80 ዩሮ ብታስቀምጥ በዓመት 960 ዩሮ ይሆናል። እንግዲህ አንድ ደላላ መጥቶ «በ3,000 ዩሮ አስገባታለሁ» ቢል፥ የጠየቀው ገንዘብ የወደ አሥራ አንድ ወር የኪስ ገንዘቧ ነው። የቤተ ሰቧን መሬት ወይም በሬ አስይዛ ብትበደር ያንን ዕዳ በኦ ፔርነት ዓመቷ ፈጽማ ልትከፍለው አትችልም። ዕዳ ያለባት ልጅ ደግሞ በሌሊት በድብቅ ሌላ ሥራ ለመሥራት ትገደዳለች፤ ይህ ግን በፈቃዷ ላይ ያልተጻፈ ሥራ ስለሆነ ሲታወቅባት መኖሪያ ፈቃዷን ያሳጣታል። ሳይቸግር ጤፍ ብድር የተባለው ለዚህ ነው።

ሕጉስ ለአገናኝ ምን ይፈቅዳል? በጀርመን ሕግ መሠረት ኦ ፔር የሚያገናኝ ድርጅት ከልጅቱ ሊቀበል የሚችለው ቢበዛ 150 ዩሮ ነው፤ እሱንም የሚቀበለው ከቤተ ሰቡ ጋራ ከተዋዋለች በኋላ እንጂ አስቀድሞ አይደለም። ይህን ቍጥር በቃልዎ ይያዙት። አንድ ሰው የጀርመን ድርጅት ወኪል ነኝ ብሎ በሺሕ የሚቆጠር ዩሮ ከጠየቀ ሌላ ምርመራ አያስፈልገውም። ያለ አገናኝ ቤተ ሰብን በቀጥታ ማግኘትም ይፈቀዳል፤ ነገር ግን አገናኝ ያለው አንድ ጥቅም አለው፤ ኋላ ጠብ ቢነሣ የሚሸመግልና ሌላ ቤተ ሰብ የሚፈልግ ሰው አለ። ስለዚህ ድርጅቱን ከመምረጥ በፊት «ከቤተ ሰቡ ጋራ ባልስማማ ምን ታደርጉልኛላችሁ?» ብሎ መጠየቅና መልሱን በጽሑፍ መቀበል ብልኅነት ነው።

ከደላላው ሌላ ደግሞ ጨርሶ የሌለ ቤተ ሰብ አለ። አታላዩ በኢንተርኔት የቆንጆ ልጆች ፎቶግራፍ አስቀምጦ ይጽፋል። የሚታወቀው በጥቂት ምልክቶች ነው። በወር 800 ወይም 1,000 ዩሮ እሰጣለሁ ይላል፤ ከደንቡ ሦስት እጥፍ የሚሰጥ ሰው ለምን እንደሚሰጥ ይታሰብበት። በስልክ በምስል ፊት ለፊት እንነጋገር ሲባል ሁልጊዜ ሰበብ ይፈልጋል። ጥቂት ቀን ቆይቶም «ጠበቃዬ ቪዛሽን ይጨርስልሻል፤ ለእሱ ገንዘብ ላኪ» ይላል። አንባቢ ሆይ፤ የጀርመንን ቪዛ ጠበቃ አይጨርሰውም። ልጅቱ ራሷ ቀጠሮ ይዛ በኤምባሲው ትቀርባለች፤ የማመልከቻውን ዋጋ 75 ዩሮ የሚሆነውንም እዚያው ራሷ ትከፍላለች። እንዲሁም «ለንደን ለኦ ፔርነት እወስድሻለሁ» የሚል ቢመጣ የእንግሊዝ መንግሥት የኦ ፔር ቪዛን እ.ኤ.አ. በ2008 እንደ ዘጋው ይንገሩት። የተዘጋ በር ቁልፍ የሚሸጥ ሰው ነው።

እንግዲህ ሁሉ ተሳክቶ ልጅቱ ሐኖቨር ገባች እንበል። መጀመሪያ የምታደርገው ነገር በሁለት ሳምንት ውስጥ ወደ ነዋሪዎች መዝገብ መሥሪያ ቤት ሄዳ አድራሻዋን ማስመዝገብ ነው። ቀጥሎም ቪዛዋ ከማለቁ በፊት ለውጭ አገር ሰዎች ጉዳይ መሥሪያ ቤት የመኖሪያ ፈቃድ ታመለክታለች። ወደ እነዚህ ቦታዎች ቤተ ሰቡ አብሯት ቢሄድ መልካም ነው፤ ፓስፖርቷን ግን እሷ ይዛ ትሂድ፥ እሷው ይዛ ትመለስ። «እንዳይጠፋብሽ እኛ እናስቀምጥልሽ» የሚለው ቃል በበጎ አሳብም ቢነገር መልሱ «አመሰግናለሁ፥ እኔው ጋራ ይሁን» ነው። የኢንሹራንሱን ካርድ ወይም ወረቀት በመጀመሪያው ሳምንት ትጠይቅ፤ ይህን ያላሳየ ቤተ ሰብ ምናልባት አልከፈለ ይሆናል፤ ይህም የሚታወቀው ከታመመች በኋላ ከሆነ ዘግይቷል።

ከዚህም ጋራ አንዲት ትንሽ ደብተር ትያዝ። በየማታው ሥራ የጀመረችበትንና የጨረሰችበትን ሰዓት፥ የኪስ ገንዘቧን የተቀበለችበትን ቀን ትጻፍ። ይህ ጠብ ለመፈለግ አይደለም። የሥራ ሰዓት በአንድ ቀን አይጨምርም፤ ዛሬ ግማሽ ሰዓት፥ በሚቀጥለው ሳምንት አንድ ሰዓት እያለ ሰው ሳያውቀው ይደርሳል። ከወር በኋላ ደብተሩን ይዛ «በዚህ ሳምንት 37 ሰዓት ሆኗል» ብትል ይህ ማስረጃ ነው። «ብዙ ሠራሁ» ብትል ግን ቅሬታ ብቻ ነው። በአገራችን ልማድ ታላቅ ሰውን ወይም ያስጠጋ ሰውን መናገር ነውር ይመስላል፤ ልጅቱም ዝም ብላ ከርማ አንድ ቀን ታለቅሳለች። ጀርመኖች ዘንድ ግን ዝም ያለ ሰው እንደ ተስማማ ይቆጠራል። በጊዜው በትሕትና መናገር እንደ ድፍረት አይታይም።

ተነጋግረውም ባይስማሙስ? ውሉ በማስጠንቀቂያ ይፈርሳል፤ በተለመደው የውል ወረቀት ላይ የማስጠንቀቂያው ጊዜ 14 ቀን ነው። በእነዚህ ቀናት ውስጥ መኝታዋና ምግቧ ይቀጥላል። ቤተ ሰብ መለወጥ ይፈቀዳል፤ ነገር ግን ለውጭ አገር ሰዎች ጉዳይ መሥሪያ ቤት አሳውቃ ፈቃድ ማግኘት አለባት። ዓመቱም እንደ ገና አይጀመርም። በአምስተኛው ወር የለወጠች ልጅ በአዲሱ ቤት የሚቀራት 7 ወር ብቻ ነው። ትልቁ ስሕተት ሻንጣ ይዞ ለማንም ሳይናገሩ መጥፋት ነው። የመኖሪያ ፈቃዷ የተሰጣት በኦ ፔርነት ስለሆነ ከኦ ፔርነት ስትወጣ ፈቃዱም መሠረቱን ያጣል፤ ኢንሹራንሷም ይቋረጣል። በዚህ ምክንያት በዳዩ ቤተ ሰብ ሳይነካ ተበዳይቱ ጥፋተኛ ሆና ትገኛለች።

ነገር ግን ድብደባ ወይም ክብርን የሚነካ ነገር ከደረሰባት 14 ቀን መጠበቅ የለም፤ በዚያው ሰዓት ትውጣ። በጀርመን የፖሊስ ስልክ 110 ነው። ጥቃት ለደረሰባቸው ሴቶች ምክር የሚሰጠው ስልክ 116 016 ነው፤ ይህ ያለ ክፍያ በቀንም በሌሊትም የሚሠራ ሲሆን በጀርመንኛ ብቻ ሳይሆን በእንግሊዝኛና በሌሎች ቋንቋዎችም ያነጋግራሉ። እነዚህን ሁለት ቍጥሮች ከመሄዷ በፊት ወረቀት ላይ ጽፋ ከፓስፖርቷ ጋራ ታስቀምጥ፤ ስልኳን ቢወስዱባት ወረቀቱ ይቀራልና።

ዓመቱ ሲያልቅስ ምን ይሆናል? ይህ ወላጆች ሁሉ የሚጠይቁት ጥያቄ ነው። ኦ ፔርነት በጀርመን ቢበዛ ለአንድ ዓመት ነው፤ አይታደስም፥ ሁለተኛም አይሰጥም። ስለዚህ በራሱ ወደ ቋሚ ኑሮ አያደርስም። የሚጠቅመው በዓመቱ ውስጥ የሚገኘው ቋንቋ ነው። ልጅቱ «ቢ 1» የተባለውን ደረጃ ከያዘችና ተቀባይ ካገኘች «አውስቢልዱንግ» ለሚባለው የሙያ ትምህርት ልታመለክት ትችላለች። ይህ እየሠሩ ደመወዝ እየተቀበሉ የሚማሩት ትምህርት ሲሆን አብዛኛው 3 ዓመት ይፈጃል። በነርስነት፥ በሆቴል ሥራና በወጥ ቤት ሙያ ብዙ ቦታ አለ። ሆቴል ለመግባት የሚፈልግ ወጣት ዋናው በር ይህ ነው፤ ያለ ውልና ያለ ፈቃድ ምግብ ቤት ጓሮ ሳሕን ማጠብ በር አይደለም። ሌላው መንገድ በሆስፒታል ወይም በአረጋውያን ቤት የሚደረገው የአንድ ዓመት የፈቃደኝነት አገልግሎት ነው።

የእርሻውንም ነገር አንድ ቃል ብለን እንለፍ። እንጆሪና አትክልት ለመልቀም ወደ አውሮፓ የሚኬድበት የወቅት ሥራ አለ። ለምሳሌ በእንግሊዝ አገር ለአትክልትና ፍራፍሬ ለቀማ የሚሰጠው ቪዛ እስከ 6 ወር ነው፤ ሠራተኛ የሚያመጡትም መንግሥት የፈቀደላቸው ጥቂት ድርጅቶች ብቻ ናቸው። ደመወዝ አለው፤ በዚህ ከኦ ፔር ይሻላል። ነገር ግን ወቅቱ ሲያልቅ ተመላሽ ነው፤ እዚያው ሆኖ ወደ ሌላ ቪዛ መዛወር የለም፤ ከማሳ ወደ መኝታ ሲሉ የሚማሩትም ቋንቋ ጥቂት ነው። እንግዲህ ገንዘብ የሚፈልግና ዕውቀት የሚፈልግ ሰው አንድ መንገድ አይሄዱም፤ መጀመሪያ የትኛው እንደሆኑ ራሳቸውን ይጠይቁ።

በአውስቢልዱንግ ለመቀጠል የምታስብ ልጅ የምትቸኵልበት ነገር አንድ ብቻ ነው። ጀርመን ከገባች በመጀመሪያው ወር የቋንቋ ትምህርት መጀመር አለባት። የሙያ ትምህርቱ ቦታ በብዛት የሚከፈተው በመስከረም ግድም ስለሆነና ማመልከቻው ከወራት በፊት ስለሚገባ ስድስተኛው ወር ላይ የጀመረች ልጅ አትደርስም፤ ፈቃዷ ሲያልቅ ቢ 1 ገና በእጇ አይሆንም። በዚህ ጊዜ የሚቀራት መመለስ ነው፤ መመለስም ውርደት አይደለም፤ ጀርመንኛ ይዛ ትመለሳለች፥ ከአገሯም ሆና በዚያው ቋንቋ ለሙያ ትምህርት ልታመለክት ትችላለች። ሳይመለሱ ተደብቆ መቅረት ግን ይህን ኋላ የሚከፈት በር ጭምር ይዘጋዋል።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፤ ከልጅዎ ወይም ከእኅትዎ ጋራ ተቀምጠው ውሉን ሲያነቡ እርሳስ ይያዙ። ሰዓቱን ይደምሩ፤ 30 መሆኑን ይመልከቱ። የኪስ ገንዘቡንና የኢንሹራንሱን መስመር ያስምሩበት። የክፍሏን ፎቶግራፍ ያስልኩ። ቤተ ሰቡን በስልክ በምስል ያነጋግሩ፤ ከወላጆቹ ጋራ ብቻ ሳይሆን ከእሷ በፊት ከነበረችው ኦ ፔር ጋራም ያገናኙን ብለው ይጠይቁ። መልካም ቤት ይህን በደስታ ያደርጋል። የማያደርግም ቢሆን ልጅቱ ገና ደሴ ሳለች ማወቁ ሐኖቨር ከደረሰች በኋላ ከማወቅ ይሻላል።